የሠራነውን በአፍ መናገር፦ «ምን አደረግህ?» ለሚለው የቃል ፈተና ጥያቄ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ግማሾቻችሁ አራዳ ላይ የቀጠራችሁት ሰው እንዳለም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብዙ ነገር አልነካካም። ስለ አንድ ዓይነት ጥያቄና ስለ አመላለሱ ብቻ እናገራለሁ።

በጤና ፕሮጀክቶች ውስጥ ስሠራ በቅጥር ኮሚቴ ላይ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ከእኛ ቤት የወጡ ልጆች ይመጣሉ። ማመልከቻቸው ጥሩ ነው፤ የጽሑፍ ፈተናውንም ያልፋሉ። የቃል ፈተናው ላይ ግን የሠሩትን ሥራ ሳይናገሩ ወጥተው ይሄዳሉ። ያልሠራ ሰው ቢወድቅ ምንም አይደል። የሠራው ሰው ሥራውን በሆዱ ይዞ ሲወጣ ነው የሚያንገበግበው። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ከእሱ ያነሰ የሠራ፣ ነገር ግን የሠራትን ትንሿን ነገር በቅጡ የተናገረ ይሆናል።

ጥያቄው እንዲህ ያለው ነው፦ «ከሥራ ባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን አንድ ጊዜ ንገረን። ምን አደረግህ? መጨረሻውስ ምን ሆነ?» ወይም፦ «ጊዜ አጥሮሽ ሥራ የጨረስሽበትን አጋጣሚ ንገሪን።» «ቢያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?» አይደለም የሚሉት። ያለፈ፣ የሆነ፣ አንድ ቀን አለኝ የሚባል ነገር ነው የሚጠይቁት። ሰው ነገ የሚያደርገውን ለመገመት ከሚናገረው ምኞት ይልቅ ትናንት ያደረገው ይሻላል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ፍላናጋን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአብራሪዎች ምርጫና ሥልጠና ጋር ሲሠራ ሰዎችን «ጥሩ አብራሪ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥቅል መልስ ብቻ እንደሚያመጣ ተገነዘበ። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ አንድ የሆነ ድርጊት አዞረው፤ ምን ሆነ፣ ሰውዬው ምን አደረገ፣ ምን ተከተለ። ይህን ዘዴ ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የእኛ ቤት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ጎንደር ላይ የተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው። ኋላ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የቅጥር ባለሙያዎች ዘዴውን ለፈተና አዋሉት። ዛሬ አዲስ አበባ ያሉት የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችና ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በዚህ መንገድ ይፈትናሉ። መልሱንም በሦስት ክፍል ይጠብቃሉ፦ ሁኔታ፣ ተግባር፣ ውጤት።

ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ካወቃችሁ ሦስቱ ክፍሎች ለምን እንዳስፈለጉ ይገባችኋል። ፈታኙ ፊቱ ቅጽ አለ። ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እየሰማ ይጽፋል፤ በጻፈው ላይ ነጥብ ይሰጣል። እሱ የሚፈልገው «ይህ ሰው ይህን አድርጓል» ብሎ የሚጽፈው ነገር ነው። ስለ ሁኔታው ሦስት ደቂቃ ብታወሩለት ቅጹ ላይ የሚሰፍር ነገር አላገኘም፤ እስክሪብቶው ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ያለ ሰው ፊታችሁን እያየ ነጥብ የሚሰጥ ይመስላችኋል፤ ነጥቡ ያለው ግን ወረቀቱ ላይ ነው። በደህና መልስ ውስጥ ሁኔታው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ተግባሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ውጤቱ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው። ሲደመር ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህ አመላለስ ለእኛ የሚከብድበት ምክንያት ዕውቀት ማነስ አይመስለኝም። በአነጋገራችን ውስጥ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው «አደርጋለሁ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ «አደርጋለሁ» ማለት «ወደፊት አደርጋለሁ» ነው፤ «ብዙ ጊዜ አደርጋለሁ» ማለትም ነው። «ልዩነት ሲፈጠር የሁሉንም ሐሳብ አዳምጣለሁ» ሲል ልጁ፣ ልማዱን እየነገረን ይሁን ዕቅዱን አይለይም። የሆነ ነገር ግን አልነገረንም። እንግሊዝኛ ሲናገርም ያው አማርኛውን ይዞት ይገባል። ፈታኙ «አንድ ጊዜ» ብሎ ጠይቆታል፤ እሱ «ሁልጊዜ» ብሎ መለሰ። ስለዚህ ከአፋችሁ «አደርጋለሁ» ሲወጣ ከሰማችሁ ከጥያቄው ወጥታችኋል ማለት ነው። «አደረግሁ» ወዳለበት ቀን ተመለሱ።

ሁለተኛው ማን እንዳደረገው መደበቅ ነው። ይህ ሁለት መልክ አለው። አንዱ «እኛ» ነው። «እኔ» ማለት ትዕቢት ይመስለናል፤ ቤታችንም «እኔ እኔ አትበል» ተብለን አድገናል። ሌላው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያመጣብን ነው፤ «ተደርጓል፣ ተፈትቷል፣ ተመዝግቧል»። ቲም ትሬኒንግ ወጥታችሁ የመጣችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ሪፖርቱ የቡድኑ ነው፤ እንዲህ ሆኖ መጻፉም ትክክል ነው። ችግሩ የሪፖርቱን ቋንቋ ይዘን የቃል ፈተና ስንገባ ነው። ፈታኙ የሚቀጥረው ቡድኑን አይደለም፤ አንድ ሰው ነው።

ደግነቱ፣ መፍትሔውም እዚያው ቋንቋችን ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ያለ «እኔ» መናገር አይችልም፤ አማርኛ ግን አድራጊውን ግሡ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። «ደብተሩን ሰበሰብሁ፣ ቆጠርሁ፣ ሄጄ ጠየቅኋት» ያለ ሰው አንዴም «እኔ» አላለም፤ ማን እንዳደረገው ግን ማንም አይጠፋውም። «እኔ» የምትለዋን ቃል የምትፈልጓት የእናንተን ድርሻ ከሌላው ድርሻ ለመለየት ብቻ ነው፤ «ሐሳቡን ያመጣችው ነርሷ ናት፤ እኔ ሄጄ አስፈቀድሁ» ለማለት። እንዲህ ሲባል ደግሞ ትዕቢት ሳይሆን የሌላውን ድርሻ መመስከር ነው። ፈታኙም ይህን ሲሰማ የቀረውን ይበልጥ ያምናል።

ነገሩን በምሳሌ እናየው። የሚከተለው ከአንድ የጤና መኮንን የሰማሁት ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼዋለሁ። ጥያቄው ከላይ ያልኩት፣ ስለ አለመስማማት የሚጠይቀው ነበር። መጀመሪያ የመለሰው ይህን ይመስላል፦

«ቲም ትሬኒንግ ላይ በነበርንበት ወቅት በቡድናችን አባላት መካከል የሐሳብ ልዩነት ተፈጥሮ ነበር። ልዩነቱ በውይይት እንዲፈታ ተደርጓል። በመግባባት በመሥራታችንም ጥሩ ውጤት ተመዝግቧል። በአጠቃላይ እኔ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፤ ልዩነት ሲኖር የሁሉንም ሐሳብ አዳምጣለሁ።»

ይህን የምትሰሙ ፈታኞች ብትሆኑ ቅጹ ላይ ምን ትጽፋላችሁ? ሁኔታ አለ ይባል ይሆናል። ተግባር የለም። ውጤት የለም። ደግሞ ይህ መልስ ለማንም ሰው ይሆናል፤ ምንም ያልሠራ ሰው ቃል በቃል ሊለው ይችላል።

ከኮሚቴው አንዱ «ውይይቱን ማን ጠራው?» አለው። «እኔ ነኝ።» «ምን ይዘህ ገባህ?» አለው። ይህን ጊዜ ልጁ ቀና አለ፤ እጁም መንቀሳቀስ ጀመረ፤ «የሳምንቱን ደብተር ቆጥሬ ነበር» ብሎ ታሪኩን ያወጣው ጀመር። ድምፁ ሌላ ሆነ። ጠያቂ በማግኘቱ ተረፈ። ሁሉም ኮሚቴ ግን እንዲህ አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ለፍትሐዊነት ሲል ተከታይ ጥያቄ ጨርሶ የማይፈቅድ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መልስ የመጨረሻው ይሆናል።

ተጠይቆ ያወጣውን ነገር መጀመሪያውኑ ቢለው ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ቲም ትሬኒንግ የወጣነው በደንቢያ መስመር ነበር፤ ስምንት ነን። በሦስት ሳምንት ውስጥ የ150 ቤት ጥናት መጨረስ ነበረብን። አንደኛው ሳምንት ሲያልቅ የተሞላው 28 ብቻ ነው። ግማሹ ‘ክሊኒኩን ትተን ሁላችንም ቤት ለቤት እንውጣ’ አለ፤ ነርሶቹ ‘በሽተኛ ትተን አንወጣም’ አሉ። ሁለት ቀን ተኳረፍን።

ቅዳሜ ማታ የሁሉንም ደብተር ሰብስቤ ቆጠርሁ። ለካ 60 ቤት ሄደናል፤ 32ቱ ዝግ ሆነው ነው የተመለስነው። ሰዓቱን ሳይ ዝግ የሆኑት አብዛኞቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የተሄደባቸው ናቸው፤ ሰዉ እርሻና ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ የጎደለን ሰው አይደለም፤ የሄድንበት ሰዓት ነው። እሑድ ጠርቻቸው ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ ‘ክሊኒኩ ሳይከፈት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ በተራ አራት አራት ሰው ይውጣ’ አልሁ። አንዷ ነርስ ‘በዚያ ሰዓት እናቶች ሥራ ላይ ናቸው፤ ሳይነገራቸው ብንመጣ አያናግሩንም’ አለች። እውነቷን ነው። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሄጄ አነጋገርኋት፤ የነገውን ሰፈር ማታ ማታ እንድታስታውቅልን ተስማማች።

በሁለተኛው ሳምንት 61 ቤት ሞላን፤ በሦስተኛው 52። በድምሩ 141 ሆነ። ዘጠኙን ሦስት ሦስት ጊዜ ሄደን አላገኘናቸውም፤ ሪፖርቱ ላይም እንዳልተገኙ ነው የጻፍነው። ክሊኒኩ አንድም ቀን ሰው አልጎደለበትም።»

ይህን ድምፅ አውጥታችሁ ብትናገሩት ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ምን እንዳለው እንይ። ሁኔታው ላይ ያስቀመጠው ጥሉን ለመረዳት የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ስንት ሰው፣ ስንት ቤት፣ ስንት ቀን፣ ማን ምን አለ። የቲም ትሬኒንግን ታሪክና ዓላማ አላስረዳም። ተግባሩ ላይ ያሉት ግሦች የሚታዩ ናቸው፤ ሰብስቤ ቆጠርሁ፣ አሳየኋቸው፣ አነጋገርኋት። «ተወያየን» የሚል ቃል የለበትም፤ ውይይቱ ውስጥ ምን እንደተባለ ነው ያለው። የእሱ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ሲመጣ መቀበሉን ይናገራል፤ ለአለመስማማት ጥያቄ ዋናው ማስረጃ እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ላይ ያልተገኙትን ዘጠኙን አልደበቀም። 150 ቢል ኖሮ ይበልጥ ያማረ ይመስላችኋል? የመስክ ሥራ የሚያውቅ ፈታኝ 150 ከ150 ሲሰማ ነው የሚጠራጠረው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ይህን የሰማ ልጅ ምን ያደርጋል? ጽፎ ያጠናዋል። ፈተናው ላይ ሄዶ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ፈታኙም በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ያውቅበታል።

በምን ያውቃል? ዳዊት የሚደግም ሕፃን መሐል ላይ ብታቋርጡት ካቆመበት መቀጠል ይቸግረዋል፤ ከላይ ጀምሮ ይመጣል። ያጠና ተፈታኝም እንደዚያው ነው። «ይቅርታ፣ ስንት ሰው ነበራችሁ?» ስትሉት መልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ወይም ቃል በቃል የቅድሙን ዓረፍተ ነገር ይደግመዋል። ሌላው ምልክት የመጽሐፍ አማርኛ ነው፤ «በነበርንበት ወቅት»፣ «ከመሆኑም ባሻገር»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ»። ሰው የደረሰበትን ነገር ሲያወራ እንዲህ አይናገርም። በእንግሊዝኛም ቢሆን ያው ነው፤ እንደ ማመልከቻ ደብዳቤ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ካፍ ሲወጣ ያስታውቃል። ሦስተኛው ምልክት ፍጥነቱ የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። የሚያስታውስ ሰው ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ ያሳዘነው ቦታ ላይ ይቆማል። ያጠና ሰው ሁሉንም እኩል ያስኬደዋል። አራተኛው «ሁኔታው… ተግባሩ… ውጤቱ…» እያሉ ክፍሎቹን በስማቸው መጥራት ነው። ቤት የሠራ ሰው እንግዳ ሲመጣ ማገሩን አያሳይም።

መድኃኒቱ ማጥናትን መተው አይደለም፤ የሚጠናውን ነገር መለወጥ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪን አስቡት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት እንደሆነ ያውቃል፤ ልኩን ለምዶታል። ቃሉ ግን የዕለቱ ነው፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ማን ይሰማዋል? እናንተም ልኩን ያዙ፤ ቃሉ በዕለቱ ይምጣ።

በተግባር የማደርገውና ለምክር የሚመጡትንም የማስደርጋቸው እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ታሪክ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሰው አይዝም። ለእያንዳንዱ ታሪክ በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ከስድስት የማይበልጡ ቃላት ይጻፋሉ፤ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ክልክል ነው። ለቅድሙ ታሪክ ወረቀቱ ላይ ያለው፦ 150/28፣ ኩርፊያ፣ ደብተር፣ ሰዓት፣ ኤክስቴንሽን፣ 141። በቃ። ቁጥሮቹ ይጻፋሉ፤ በጭንቀት ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቁጥር ነውና። ቃል በቃል የሚያዝ ነገር ካለ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ እሷ አፍ ማስከፈቻ ናት።

ከዚያ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ይነገራል። አንደኛ ለእናታችሁ፣ ወይም ሥራችሁን ለማያውቅ ሰው። ያ ሰው «ክሊኒክና ቤት ለቤቱ ምን አገናኘው?» ሲላችሁ ሁኔታው ላይ ምን እንደጎደለ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ ለሙያ ጓደኛ። እሱ «ለምን ቅዳሜ ማታ?» ይላል፤ ያላሰባችሁትን ያስታውሳችኋል። ሦስተኛ ለነገረኛ ጓደኛ፤ ሁሉም ሰው አንድ አለው። አደራችሁ አቋርጠኝ ትሉታላችሁ። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ያቁማችሁ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። አንዴ ደግሞ ከውጤቱ ጀምሩ ይበላችሁ፦ «141 ቤት ነው የጨረስነው፤ የጀመርነው ግን እንዲህ ነበር» ብላችሁ ወደ ኋላ ተናገሩት። ከየትም አቅጣጫ ተነስቶ መናገር የሚቻለው የደረሰ ነገር ነው፤ ያጠኑት ነገር አንድ በር ብቻ ነው ያለው።

አንዱን በስልካችሁ ቅዱና ሦስት ነገር ብቻ አዳምጡ። የመጀመሪያዋ የራሳችሁ ድርጊት በስንተኛው ሰከንድ መጣች? ከአርባ ሰከንድ ካለፈ ሁኔታው ረዝሟል። «ተደርጓል»፣ «ተወያይተናል» የመሰለ ስንት ጊዜ አላችሁ? እያንዳንዷን «ማን? ምን ብሎ?» ብላችሁ ጠይቁና ፍቱት። ሦስተኛ፣ የዛሬውን ከትናንቱ ቅጂ ጋር አስተያዩ። ዓረፍተ ነገሮቹ ቃል በቃል አንድ ከሆኑ አጥንታችሁታል፤ ለሁለት ቀን ተዉት። ነገሩ አንድ ሆኖ ቃሉ ከተለያየ ደርሷል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲሆንስ? ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ አውሩት። በአማርኛ ያልተደረደረ ነገር በእንግሊዝኛ አይደረደርም። ከዚያ በአጭር በአጭር እንግሊዝኛ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት አድርጋችሁ ተናገሩት። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር «ሰብስቤ፣ ቆጥሬ፣ ጠርቼ፣ አሳይቼ…» እያለ ረጅም መንገድ ሄዶ ግሡን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ ያንን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መጎተት ነው የሚያደናቅፈው።

አንድ ታሪክ ለብዙ ጥያቄ እንደሚሆንም ልብ በሉ። ስለ አለመስማማት ሲጠየቅ ኩርፊያውና የነርሷ ተቃውሞ ይሰፋል። ስለ ጊዜ ማጠር ሲጠየቅ 28ቱና የሰዓቱ ለውጥ ይሰፋል፤ ኩርፊያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። «መረጃ አይተህ የወሰንህበት ጊዜ» ቢባል ደብተሩ ነው ዋናው። ሰምታችሁ፣ የተጠየቀውን ለይታችሁ፣ ያንን ክፍል ስታሰፉ ነው መልሱ የዚያ ቀን መልስ የሚሆነው። ለዚህ አምስት ሰከንድ ዝም ማለት ያስፈልጋል። «አንድ ጊዜ ላስብ» ብሎ ዝም ማለት ነውር አይደለም። ጥያቄው ሳያልቅ መመለስ የጀመረ ሰው ግን ያጠናውን ሊያወጣ እንደቸኮለ ያስታውቅበታል።

ልከኝነትም አለው ነገሩ። ያልሆነ ታሪክ አትፍጠሩ። የውሸት ታሪክ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ያልፍ ይሆናል፤ «እሷ ምን አለችህ? አንተስ ምን መለስህላት?» ሲባል ግን ያልነበረ ሰው የተናገረውን ከየት ያመጣል? ሁለተኛ፣ የበሽተኛ ስም፣ ሰፈሩንና ቤተሰቡን የሚያሳውቅ ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ። ፈታኙ ታሪኩን እየሰማ ምስጢር አጠባበቃችሁንም ይሰማል። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ያላማረ ታሪክም ታሪክ ነው። 141 ሳይሆን 90 ላይ ቢቀር ኖሮ፣ «90 ላይ ቀረን፤ ከዚያ በኋላ ግን በሄድሁበት ሁሉ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው» ማለት ይቻላል፤ ያ እውነት ከሆነ። ሥራ አልያዝኩም፣ ምን ልናገር የሚል ደግሞ ለማኅበር ገንዘብ የሰበሰበበት፣ ለዕድር ድንኳን ያስተከለበት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያስተማረበት ቀን አለው። እዚያም ቢሆን ሁኔታ፣ ተግባር፣ ውጤት አለ።

በመጨረሻ ለመምህሮቻችን አንድ ነገር ልጠይቅ። የቲም ትሬኒንግ ሪፖርት ሲቀርብ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ተነስቶ ያነባል፤ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ይሰማሉ። ያ እንዳለ ይቀጥል። ከሱ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ሳይዝ ለሁለት ደቂቃ «ችግር የገጠመህ አንዱ ቀን፣ አንተ ምን አደረግህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ለስምንት ልጅ አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው። ከመስክ ሲመለሱ ነገሩ ገና ትኩስ ነው፤ ቁጥሩም ስሙም አልጠፋም። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ኮሚቴ ፊት ተቀምጠው ሊያስታውሱት ሲሞክሩ «ጥሩ ውጤት ተመዝግቧል» ብቻ ነው የሚቀራቸው።

እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ነገረኛው ጓደኛ እንሁንላቸው። ከዛሬ ተመራቂዎች አንዱን ይዛችሁ ቡና ስትጠጡ «ሥራ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትተዉት። «አንድ ቀን ንገረኝ» በሉት። «ተወያየን» ሲል «ማን ጠራው?» በሉት፤ «ጥሩ ሆነ» ሲል «ስንት?» በሉት።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል።